ሱሑር ላይ የተወጋ ኢንሱሊን ስንት ሰዓት ላይ ይበረታል?



ረመዷን ሲቃረብ በጀመዓችን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «እናቴ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷን በሱሑርና በኢፍጧር ብትወስድ መጾም ትችላለች?» ይባላል። ጥያቄው ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ የፊቅህ ነው፤ እሱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ሌላው የሰዓት ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ይበረታል፣ መቼ ያልቃል? ይህን የማያውቅ ሰው «ጠዋትና ማታ» የሚለውን ትእዛዝ «ሱሑርና ኢፍጧር» ብሎ ይተረጉመውና ምንም ያልለወጠ ይመስለዋል። ጽሑፉ በዚህ ላይ ያተኩራል።

በፊቅሁ በኩል ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። በሽተኛ እንዳይጾምና በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ የተሰጠው ፈቃድ በሱረቱል በቀራ ከ184ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለ ነው። ቀዷ የማይችል፣ በሽታው የማይለቀው ሰው ደግሞ ፊድያን ይመለከታል። ሁለተኛው የመርፌ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጂዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤ ለምግብነት የማይሰጥ መርፌ ከቆዳ ሥርም ሆነ ከጡንቻ ቢወጋ ጾም እንደማያፈርስ፣ ለምርመራ ደም መስጠትም እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ ኢንሱሊን መወጋትም ጣትን ወግቶ ስኳር መለካትም ጾሙን አያበላሽም። «ጾሜ እንዳይፈርስ አልለካም» የሚል ዘመድ ያለው ይህን ይንገረው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወሰድ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ስኳር የሌለበት ሰው ሲጾም የሱሑሩ ምግብ ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በኋላ ተፈጭቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቃል። ቆሽት ይህን እያየ ኢንሱሊኑን ይቀንሳል። ከቆሽት የወጣ ኢንሱሊን በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ግማሹ በአምስት ደቂቃ ገደማ ይጠፋል። ስለዚህ ሰውነት ሐሳቡን ቶሎ መለወጥ ይችላል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን ከቆዳ ሥር ተቀምጦ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይገባል። ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም፣ አንዴ ከገባም መልሰን ልናወጣው አንችልም። በኢንጂነሪንግ ቋንቋ፣ ግብረ መልስ የሌለው መቆጣጠሪያ ነው። ግብረ መልሱ መሆን ያለበት ሰውየውና የስኳር መለኪያው ናቸው።

የኢንሱሊን ዓይነቶች የሚለያዩት በዋናነት ከቆዳ ሥር ወደ ደም ለመግባት በሚወስዱት ጊዜ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ያለው ተራው ኢንሱሊን (ሬጉላር) ስድስት ስድስት እየሆነ በዚንክ የተያያዘ ነው። እንደዚያ ተያይዞ ወደ ደም መግባት አይችልም፤ መጀመሪያ መበታተን አለበት። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚዘገየው ለዚህ ነው። ፈጣኖቹ (ሊስፕሮ፣ አስፓርት) አሠራራቸው ትንሽ ተለውጦ ቶሎ እንዲበታተኑ የተደረጉ ናቸው። ኤንፒኤች የተባለው ደግሞ በተቃራኒው ፕሮታሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ እንዲዘገይ ተደርጓል። ደፍረስ ብሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ግላርጂን የሚባለው በብልቃጡ ውስጥ አሲዳማ ስለሆነ ንጹሕ ፈሳሽ ነው፤ ከቆዳ ሥር ሲገባ አሲዱ ስለሚጠፋ ወደ ጥቃቅን ቅንጣት ይለወጥና ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይሟሟል።

| ዓይነት | ሥራ የሚጀምርበት | የሚበረታበት | የሚቆይበት |
|---|---|---|---|
| ፈጣን (ሊስፕሮ፣ አስፓርት) | ከ10–15 ደቂቃ | ከ1–2 ሰዓት | ከ3–5 ሰዓት |
| አጭር (ሬጉላር፣ ንጹሕ) | 30 ደቂቃ ገደማ | ከ2–4 ሰዓት | ከ5–8 ሰዓት |
| መካከለኛ (ኤንፒኤች፣ ደፍራሽ) | 2 ሰዓት ገደማ | ከ4–10 ሰዓት | ከ12–18 ሰዓት |
| ድብልቅ 70/30 (70 በመቶ ኤንፒኤች፣ 30 በመቶ ሬጉላር) | 30 ደቂቃ ገደማ | ሁለት ጊዜ፦ መጀመሪያ ሬጉላሩ፣ በኋላ ኤንፒኤቹ | ከ12–18 ሰዓት |
| ረጅም (ግላርጂን) | ከ2–4 ሰዓት | ጎልቶ የሚታይ የለውም | እስከ 24 ሰዓት ገደማ |
| በጣም ረጅም (ዴግሉዴክ) | 1 ሰዓት ገደማ | የለውም | ከ42 ሰዓት በላይ |

ቁጥሮቹ አማካይ ናቸው። ሆድ ላይ የተወጋ ጭን ላይ ከተወጋው ፈጥኖ ይገባል፤ የተወጋውን እግር በእንቅስቃሴ ማሠራትም ያፈጥነዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ቆይታው ይረዝማል። እንዲህም ሆኖ ሠንጠረዡ ለአንድ ሥራ ይበቃል፤ ከመርፌው ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደፊት ለመቁጠር።

እንቁጠር። አንዲት እናት በአዘቦቱ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 20 ዩኒት፣ ማታ ከእራት በፊት 10 ዩኒት ኤንፒኤች ትወጋለች እንበል። የጠዋቱ የሚበዛው ቀን ላይ ቁርስም ምሳም መክሰስም ስላለ ነው። ረመዷን ሲገባ ምንም ሳትቀንስ 20ውን ሌሊት 10፡30 ሱሑር ላይ፣ 10ሩን ማታ 12፡30 ኢፍጧር ላይ አደረገችው። «ጠዋትና ማታ» ተጠበቀ።

የሱሑሩ 20 ዩኒት ንጋት 12፡30 ገደማ መሥራት ይጀምራል። አራት ሰዓት ሲሞላው፣ ማለትም ጠዋት 2፡30 ላይ፣ መበርታት ይጀምርና እስከ ቀኑ 8፡30 ድረስ በርትቶ ይቆያል። የሱሑሩ ምግብ ግን ጠዋት 3 ሰዓትና 4 ሰዓት ሲል አልቋል። እንግዲህ ከረፋዱ ጀምሮ ዙህር አልፎ እስከ 8፡30 ድረስ፣ ለቁርስና ለምሳ የተመደበው ኢንሱሊን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ቁርስም ምሳም የለም። የዚህች እናት ስኳር ከዙህር በፊትም ሆነ በኋላ ቢወርድ እድል አይደለም፤ በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። በሌላ በኩል ኢፍጧር ላይ፣ የቀኑ ትልቁ ምግብ በሚበላበት ሰዓት፣ ያላት ትንሹ መርፌ ነው። ስለዚህ ቀን ይወርዳል፣ ሌሊት ይወጣል፤ ከፍ ያለውን የጠዋት ልኬት ያየ ሰው ደግሞ መርፌውን ልጨምር ይላል።

በረመዷን ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች የሚከተሉት መመሪያ ይህን ይገለብጠዋል። የጠዋቱ ትልቅ መጠን ወደ ኢፍጧር ይዞራል። የማታው ትንሹ ወደ ሱሑር ይመጣል፣ ያውም ከ25 እስከ 50 በመቶ ተቀንሶ። በምሳሌያችን ኢፍጧር ላይ 20 ዩኒት፣ ሱሑር ላይ 5 ዩኒት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ድብልቁ 70/30ም ቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በቀን አንድ ጊዜ ግላርጂን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ መርፌው ወደ ኢፍጧር ተዛውሮ መጠኑ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ስንት በመቶ እንደሚቀነስ የሚወስነው ልኬቱን የሚያየው ሐኪም ነው። ለዚህም ረመዷን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ መቅረብ ይመከራል። ሻዕባን መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ተስተካክሎ ለመፈተን ጊዜ አያገኝም።

መገልበጡም የራሱ ጥንቃቄ አለው። እንደገና እንቁጠር፤ ማታ 12፡30 የተወጋ 20 ዩኒት ከምሽቱ 4፡30 እስከ ሌሊቱ 10፡30 ይበረታል። ኢፍጧር በልታ፣ ተራዊሕ ሰግዳ፣ ሌላ ምንም ሳትበላ ብትተኛና ሱሑር ቢያልፋት፣ ኃይሉ የሚያገኛት በእንቅልፍ ነው። በእንቅልፍ ላይ የሚወርድ ስኳር ደግሞ ምልክቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ልብስ በላብ ረጥቦ መንቃት፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታት። ስለዚህ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ሱሑር መዝለል ቀላል ነገር አይደለም። ሱሑሩንም እስከ መጨረሻው ሰዓት ማዘግየት ሱናም ነው፣ በሰዓት ስሌቱም ይጠቅማል። በአገራችን የጾሙ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ ከዓመት ዓመት ብዙ አይለወጥም፤ በበጋ በአውሮፓ የሚጾም ዘመድ ያለው ግን ይህን ስሌት እንዳለ አይላክለት።

ወደ እንክብሎቹ ስንመጣ ጥያቄው ከሰዓት በተጨማሪ የአሠራር ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ መለያ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን ያስወጣል ወይስ አያስወጣም? የሚያስገድድ ከሆነ፣ የማይበላ ሰው ላይ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። የማያስገድድ ከሆነ ብቻውን እንዲህ ማድረጉ እምብዛም ነው።

| ክፍል | የት፣ እንዴት ይሠራል | ብቻውን ከልክ በታች ያወርዳል? | በጾም ወቅት |
|---|---|---|---|
| ሜትፎርሚን | ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ ይረዳል | እምብዛም | ሱሑርና ኢፍጧር ላይ ይመደባል |
| ሰልፎኒልዩሪያ (ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ፣ ግሊክላዛይድ) | ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን ያስወጣል | አዎ | ዋናው ወደ ኢፍጧር፤ የሱሑሩ ይቀነሳል |
| ዲፒፒ-4 ከልካዮች (ሲታግሊፕቲን፣ ቪልዳግሊፕቲን) | ከምግብ በኋላ አንጀት የሚልከውን የ«ኢንሱሊን አውጣ» መልእክት ያቆያል | እምብዛም | መጠኑ አይለወጥም |
| ኤስጂኤልቲ2 ከልካዮች (ኤምፓግሊፍሎዚን፣ ዳፓግሊፍሎዚን) | ኩላሊት ስኳርን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል | እምብዛም | ኢፍጧር ላይ፤ ውሃ ማብዛት |
| ፒዮግሊታዞን | ስብና ጡንቻ ለኢንሱሊን እንዲታዘዙ ያደርጋል፤ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል | እምብዛም | መጠኑ አይለወጥም |
| አካርቦዝ | አንጀት ውስጥ ስታርችና ስኳር የሚፈጭበትን ፍጥነት ይቀንሳል | እምብዛም | ከምግብ ጋር |

ከነዚህ ውስጥ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ በአገራችን ጤና ተቋማት ብዙ ጊዜ አብረው ይታዘዛሉ። በአንድ ፌስታል ሲሰጡ አንድ ዓይነት ነገር ይመስላሉ። ጾም ላይ ግን ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ሜትፎርሚን ቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ ሰው የምሳውን ከማታው ጋር አድርጎ ኢፍጧር ላይ፣ የጠዋቱን ሱሑር ላይ ሊወስድ ይችላል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሆድ መረበሽ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀንሳል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ግን ጾም ይኑር አይኑር ሊወስደው አይገባም።

ግሊቤንክላማይድ ሌላ ታሪክ ነው። በቆሽት ሕዋስ ላይ ፖታሲየም የሚወጣባት በር አለች። በአዘቦቱ ይህች በር የምትዘጋው በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነው፤ ስትዘጋ ሕዋሱ ኢንሱሊን ይለቃል። የሰልፎኒልዩሪያ ክፍል መድኃኒቶች በሩን ራሳቸው ይዘጉታል። ስኳሩ 200 ይሁን 80፣ በሩ ተዘግቷልና ኢንሱሊን ይወጣል። ከክፍሉ ውስጥ ደግሞ ግሊቤንክላማይድ የባሰ ነው። ጉበት ከሰባበረው በኋላ እንኳ ስብርባሪው መሥራቱን አያቆምም፤ ከሰውነት የሚወጣውም በከፊል በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ውጤቱ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለሚጾም ሰው መመሪያዎቹ በግሊክላዛይድ ወይም በግሊሜፒራይድ እንዲለወጥ ይመክራሉ። የሚለወጥበት ከሌለ፣ የሱሑሩ መጠን እንዲቀነስ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ለቀጠሮ ስትሸኙ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና «የትኛው ነው ቆሽትን የሚያስገድደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ጥያቄውን ወዲያው ይረዳዋል።

ከሌሎቹ ውስጥ ኤስጂኤልቲ2 ከልካዮች ላይ አንድ ቃል ልጨምር። ስኳር በሽንት ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል፤ ስለዚህ በሞቃት አካባቢ፣ ለምሳሌ በአፋር ወይም በድሬዳዋ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መድኃኒቱን መውሰድ ማዞርና ድካም ሊያመጣ ይችላል። ከኢፍጧር እስከ ሱሑር በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል።

አሁን ችግሩ ቢመጣ እንዴት ይታወቃል? የጾም ድካም ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሰውየው ሲያርፍ ይሻለዋል። የስኳር መውረድ በድንገት ይመጣል፤ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርቱ ረኃብ። ቀጥሎ አንጎል ስኳር ሲያጣ ንግግር ይጎተታል፣ ሰውየው ያለምክንያት ይቆጣል ወይም ግራ ይገባዋል። «ጾሙ ከበደው» ወይም «ተናደደ» ተብሎ የሚታለፈው ይኼኛው ነው። ቁርጡን የሚነግረው መለኪያው ነው። ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፤ መግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ። ከ300 በላይ ከሆነም እንዲሁ ይፈታል፤ ሐኪም ማማከርም ያስፈልጋል። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ እንደወረደ ቆጥሮ ማከም ይሻላል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ስኳር አልባ ያልሆነውን)፣ ከዚያ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ሲወጣ ምግብ መብላት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ሊታነቅ ይችላል፣ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ከሠንጠረዦቹ የሚወጡ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። ግሊቤንክላማይድ የወሰደ ሰው ስኳሩ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ ገና በሩን እንደዘጋ ነውና። በልቶ፣ ሌሊቱን ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ ደጋግሞ መለካት አለበት፤ የከፋ ከነበረ ጤና ተቋም ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። አካርቦዝ የሚወስድ ሰው ደግሞ ተራ ስኳር ሲሰጠው ቶሎ አይነሣም፤ ስኳሩን ከፍሎ የሚፈጨውን ሥራ መድኃኒቱ አዘግይቶታል። ለሱ የሚሆነው ንጹሕ ግሉኮስ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ በግቢያችን ውስጥ ያሉትን ይመለከታል። በእኛ ዕድሜ ኢንሱሊን የሚወስድ ተማሪ ብዙ ጊዜ ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ነው፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት ያቆመ። ለእንዲህ ያለ ሰው ጾም ከፍተኛ አደጋ ያለበት ሆኖ ስለተመደበ ሐኪሞች እንዳይጾም ይመክራሉ። ዶርም ውስጥ ሁሉም ሲጾም ብቻውን ካፌ መግባት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ሕመሙን ለክፍል ጓደኛው እንኳ አልነገረም። ግን አንዱ ስሕተት ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ነው፤ «ስለማልበላ መርፌውን ልተወው» ማለት። የማይበላ ሰውም ኢንሱሊን ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ጉበት ስኳርን መልቀቁን አያቆምም፣ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ምልክቱ ጥማት፣ ተደጋጋሚ ሽንት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ሽታ ነው። ይህ ያለበት ጓደኛ ያለ መርፌ ያደረ ከሆነ ኢፍጧር አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ይወሰዳል።

የዶርም ጓደኛችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቁት። የሚወስደው ደፍራሹን ነው ንጹሑን፣ ስንት ሰዓት ላይ ይወጋል፣ ስኳር የሚያስቀምጠው የት ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ይዛችሁ ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ ብታዩ የሚያሰጋውን ሰዓት ራሳችሁ ትቆጥሩታላችሁ፤ ሦስተኛው ለዚያ ሰዓት ነው።